በአንድ ሰው ስንት ወጣ? 500 ብር ወይስ 13,500 ብር

የአሜሪካ መንግሥት አብዛኛውን የውጭ እርዳታውን ካቋረጠ ከጥር 2017 ወዲህ በየድርጅቱ ቢሮ አንድ ዓይነት ሰንጠረዥ በዝቷል። በግራ በኩል የፕሮጀክቶች ስም ተደርድሯል። ቀጥሎ በጀት አለ። ከዚያ የተጠቃሚ ብዛት። የመጨረሻው ዓምድ ላይ በጀቱ ለተጠቃሚው ተካፍሎ አንድ ቁጥር ይወጣል፣ ስብሰባው የሚያልቀውም እዚያ ዓምድ ላይ ነው። በአንድ ሰው ብዙ የሚያወጣው ፕሮጀክት ይታጠፋል፣ ትንሽ የሚያወጣው ይቀጥላል።

ሒሳቡ የሦስተኛ ክፍል ማካፈል ነው። ችግሩ ያለው ከማካፈሉ በፊት ነው፤ ከላይ የገባው ብር የምን ብር እንደሆነ፣ ከታች የተጻፈው ሰው ማን እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። ሁለት ፕሮጀክቶች እነዚህን ሁለት ነገሮች በተለያየ መንገድ ከቆጠሩ በኋላ ጎን ለጎን ቢቀመጡ ንጽጽሩ ባዶ ነው። እንዴት ባዶ እንደሚሆን ለማሳየት አንድ ምሳሌ ልሥራ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ የተቀመጡ ናቸው፣ ስህተቶቹ ግን በየሪፖርቱ የሚገኙ ናቸው።

አንድ ድርጅት በአንድ ወረዳ ሁለት ፕሮጀክት አለው እንበል። የመጀመሪያው የተማሪዎች ምገባ ነው። የዓመት በጀቱ 30 ሚሊዮን ብር፣ ሪፖርት የተደረገው ተጠቃሚ 6,000 ተማሪ። ሲካፈል 5,000 ብር ይመጣል። ሁለተኛው የሴቶች ቁጠባና ገቢ ማስገኛ ነው። በጀቱ 12 ሚሊዮን፣ ተጠቃሚው 24,000። ሲካፈል 500 ብር። ሰንጠረዡ ላይ ምገባው በአሥር እጥፍ ውድ ነው። ሥራ የበዛበት ኃላፊ ይህን አይቶ ምገባው ይዘጋ ቢል አልፈርድበትም።

አሁን 24,000 የሚለውን ቁጥር እንፈታታው።

ይህን ያህል ሴት በቁጠባ ማኅበር ውስጥ የለችም። ቁጥሩ የሁለት ነገር ድምር ነው። 16,000 የሚሆነው በገበያ ቀን በድምፅ ማጉያ የቁጠባ ጥቅም ሲነገር እዚያ የነበረ ሰው ነው። ማን ቆጠረው? ማንም። አራት ገበያ፣ በአንድ ገበያ አራት ሺህ ሰው ይገኛል ተብሎ ተገምቶ ተባዛ። ሽንኩርት ሊሸጥ የመጣው ገበሬም፣ ልጅ አዝላ ያለፈችውም ተጠቃሚ ሆነዋል። የቀረው 8,000 ደግሞ 1,600 ሴቶች በ5 ተባዝተው የመጣ ነው፣ የቤተሰብ አባላት ተብሎ።

ይህች 5 ቁጥር ብዙ ቦታ አለች። የ1999ኙ የሕዝብና ቤት ቆጠራ ያገኘው አገር አቀፍ አማካይ የቤተሰብ መጠን 4.7 ስለሆነ ሰው አጠጋግቶ 5 ይላል። እናቲቱ ያገኘችው ጥቅም ለቤተሰቡ ይደርሳል የሚለው ሐሳብ ራሱ ስህተት አይደለም። ምግብ ለቤተሰብ ከታደለ በአባላቱ ቁጥር ማባዛት ትክክል ነው፣ ምክንያቱም ራሽኑ ራሱ በሰው ቁጥር ተሰልቶ የተሰጠ ነው። ግን ምገባው ተማሪውን ብቻ ቆጥሮ፣ ቁጠባው ባልና ልጆችን ጨምሮ ቆጥሮ፣ ሁለቱ በአንድ ዓምድ ሲገቡ ነገሩ ይበላሻል። ምገባውም ቢፈልግ 6,000ውን በ5 አባዝቶ 30,000 ሊል ይችል ነበር፤ ልጁ ትምህርት ቤት ከበላ ቤት ያለው እህል ለሌሎቹ ይተርፋል የሚል ክርክር አያጣም። አላደረገውም። በሰንጠረዡ የተቀጣው በዚህ ቁጥብነቱ ነው።

እኔ ሪፖርት ሲመጣልኝ መጀመሪያ የማደርገው የተጠቃሚውን ቁጥር ለ5 ማካፈል ነው። ያለ ቀሪ ከተካፈለና ውጤቱ እዚያው ሪፖርት ውስጥ ሌላ ገጽ ላይ ካለ ነገር ጋር ከገጠመ፣ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ አወቅኩ ማለት ነው። ሌላው ደግሞ የወረዳውን ሕዝብ ብዛት ማየት ነው። በአንድ ወረዳ የሚሠሩ ሦስት ፕሮጀክቶች ተጠቃሚ ተደምሮ ከወረዳው ሕዝብ ሲበልጥ አይቻለሁ፣ ማንም አልደነገጠም።

እሺ፣ 1,600 ሴቶች ይቀራሉ። እነሱስ?

ሦስት ዝርዝር አለ። የቁጠባ አባላት 900፣ የንግድ ክህሎት ሥልጠና የወሰዱ 400፣ መነሻ ካፒታል የተሰጣቸው 300። ተደምሮ 1,600። ግን መነሻ ካፒታል የወሰዱት 300 ሴቶች በሙሉ የቁጠባ አባላት ናቸው፣ መስፈርቱ ራሱ እሱ ነበር። ሥልጠና ከወሰዱት 400 ውስጥም 300ዎቹ አባላት ናቸው፣ ከውጭ የመጡት 100 ብቻ። ስለዚህ በአካል ያሉት ሴቶች 1,000 ናቸው። 900 አባላትና 100 ከውጭ የመጡ።

ይህን ለማወቅ ሦስቱን ዝርዝር በአንድ ኤክሴል ደርድሮ የተደጋገመውን ማውጣት ይበቃል ይባላል። ፎርሙላውም አጭር ነው፤

```
=COUNTA(UNIQUE(A2:A1601))
```

በአማርኛ ስም ላይ ግን ይህ ፎርሙላ ያታልላል። አንዷ ሴት በቁጠባ መዝገብ ላይ ፀሐይ ገብረመድኅን ናት። በሥልጠናው አቴንዳንስ ላይ ጸሀይ ገ/መድህን ትሆናለች። ብር ስትቀበል ደግሞ የፈረመችበት ወረቀት ወ/ሮ ጸሐይ ይላል፣ የአባት ስም ሳይኖር። ለኮምፒዩተሩ እነዚህ ሦስት ሰዎች ናቸው። ሀ እና ሐ፣ ሰ እና ሠ፣ ጸ እና ፀ እንደ ጸሐፊው ልማድ ይቀያየራሉ፤ ስለዚህ በስም ብቻ የተለየ ዝርዝር ድግግሞሹን ከግማሽ በላይ ሊስት ይችላል። መፍትሔው አሰልቺ ቢሆንም ይሠራል። በስም ሳይሆን በቁጠባ ደብተር ቁጥር ወይም በስልክ ቁጥር መለየት፣ የፋይዳ ቁጥር ያላት ከሆነም በእሱ። ይህ ከሌለ መጀመሪያ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት ወደ አንድ ቀይሮ፣ ስምን ከአባት ስምና ከጎጥ ጋር አጣምሮ ማወዳደር። የአንድ ሰው የአንድ ቀን ሥራ ነው። ብዙ ጊዜ ግን አይሠራም፣ ምክንያቱም ሲሠራ ቁጥሩ ይቀንሳል፣ ቁጥር ሲቀንስ ደግሞ የሚደሰት የለም።

ምገባው ላይም ቁጥሩ ንጹሕ አይደለም። 6,000 የተመዘገበው ተማሪ ነው፣ መስከረም ላይ። የሚበላው ግን ትምህርት ቤት የመጣው ነው። የወጥ ቤቱ የዕለት መዝገብ ሲታይ በአማካይ የሚቀርበው 5,000 ሳህን ነው እንበል። በመኸር ሰሞን ልጆች ማሳ ይውላሉ፣ ቁጥሩ ይወርዳል። አንዳንድ ቦታ ደግሞ ምገባ ሲጀመር ያልተመዘገቡ ታናናሾች ይመጡና ከፍ ይላል። ለማንኛውም የምንይዘው 5,000ን ነው። ይህንንም የሳህን ቁጥር ማመን ያለብን ከመጋዘን በወጣው ኩንታል አረጋግጠን ነው። ለአንድ ልጅ በቀን የተመደበው ግራም ይታወቃል፣ የወጣው እህል በሱ ሲካፈል የሳህን ቁጥር ይመጣል፣ እሱ ከዕለት መዝገቡ ጋር በጣም ከተራራቀ ወይ መዝገቡ ወይ መጋዘኑ ይዋሻል።

ወደ ብሩ እንሂድ።

ምገባው ቀድሞ የተጀመረ ፕሮጀክት ስለሆነ የወረዳው ቢሮ ኪራይ፣ መኪናው፣ ሹፌሩና ሒሳብ ሠራተኛዋ በሙሉ በሱ በጀት ላይ ናቸው። በዓመት 3 ሚሊዮን። ቁጠባው ከሁለት ዓመት በኋላ መጥቶ እዚያው ቢሮ ተቀመጠ፣ በዚያው መኪና ይሄዳል፣ ሒሳቡን የምትዘጋለትም ያችው ሴት ናት። በራሱ በጀት ላይ ግን ከዚህ አንዲት ሳንቲም የለም። ማንም ለማጭበርበር ብሎ አላደረገውም። ለሁለተኛው ገንዘብ የሰጠው አካል የቢሮ ወጪ አልከፍልም ስላለ ነው፣ እንዲህ ያለ ለጋሽ ደግሞ ሞልቷል። የመኪናውን የጉዞ መዝገብ ከፍታችሁ ኪሎ ሜትሩን በፕሮጀክት ብትለዩት ግማሹ የቁጠባው ሆኖ ይገኛል እንበል። ስለዚህ 1.5 ሚሊዮን ከምገባው ወጥቶ ቁጠባው ላይ መደመር አለበት።

ለጋሾች የቢሮ ወጪ መክፈል የማይወዱት፣ ድርጅቶችም መደበቅ የለመዱት አንዱ ምክንያት ሕጉም ነው። በበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ 621/2001 ጊዜ 70/30 የሚባል ደንብ ነበር፤ የአስተዳደር ወጪ ከ30 በመቶ እንዳይበልጥ። መመሪያው ደግሞ አስተዳደር የሚለውን በጣም አስፍቶት ስለነበር ለሥራው የግድ የሆኑ ወጪዎች ሳይቀሩ በአስተዳደር ስም ይያዙ ነበር። ያኔ ብዙ የሒሳብ ሰው ወጪን ከአንድ መስመር ወደ ሌላ ማዛወር ተማረ። እሱን የተካው አዋጅ 1113/2011 ጣሪያውን 20 በመቶ አድርጎ የአስተዳደር ወጪን ትርጉም አጠበበው፣ ለፕሮጀክት ሥራ የሚወጣውን ለየ። ሕጉ ተቀየረ፣ ልማዱ ግን በየበጀቱ ውስጥ አለ። ስለዚህ ሁለት ፕሮጀክት ስታወዳድሩ «አስተዳደር» የሚለውን መስመር አትመኑ። መኪና ማን ከፈለ፣ ነዳጅ ማን ከፈለ፣ የቢሮ ኪራይ ማን ከፈለ ብላችሁ በስም ጠይቁ።

ሌላው የምገባው ወጥ ቤት ነው። ዘንድሮ 3 ሚሊዮን ብር ወጥቶበት ተሠርቷል፣ ሙሉው በዘንድሮ ወጪ ተመዝግቧል። ወጥ ቤቱ ግን አሥር ዓመት ያገለግላል። ለንጽጽር ሲባል የዘንድሮ ድርሻው 300 ሺህ ብቻ ነው። ይህን ማድረግ የለጋሹን የሒሳብ ሪፖርት መቀየር አይደለም፤ እዚያ 3 ሚሊዮን ወጥቷል፣ አለቀ። ለማወዳደር የሚሠራው ሒሳብ ሌላ ወረቀት ነው።

በተቃራኒው ምገባው የደበቀው ወጪም አለ። ማገዶ የሚያመጡት ወላጆች ናቸው። ውኃ የሚቀዱትም እነሱ። ምግብ ከሚያበስሉት ሴቶች ገሚሶቹ ያለ ክፍያ በተራ ይመጣሉ። ይህ በማንም በጀት ላይ የለም፣ ግን ነፃ አይደለም፣ የከፈሉት እናቶች ናቸው። በአካባቢው የቀን ሥራ ዋጋና በማገዶ ዋጋ ሲተመን 1.2 ሚሊዮን መጣ እንበል። ይደመራል። እዚህ ላይ የማይስማሙ አሉ፣ ለጋሹ ያላወጣውን ለምን እንቆጥራለን ይላሉ። ጥያቄው «ለጋሹ ምን ያህል አወጣ» ከሆነ ልክ ናቸው። ጥያቄው «ይህን ሥራ ሌላ ወረዳ ብንወስደው ስንት ያስወጣል» ከሆነ ግን የእናቶቹ ጉልበት ካልተቆጠረ፣ ማገዶ በሌለበት ወረዳ ፕሮጀክቱ በሁለተኛው ወር ይቆማል።

እንግዲህ እንደምር። ምገባው ከ30 ሚሊዮኑ የጋራ ወጪው 3 ሚሊዮንና ወጥ ቤቱ 3 ሚሊዮን ሲነሱ 24 ይቀራል። የራሱ የቢሮ ድርሻ 1.5፣ የወጥ ቤቱ የዓመት ድርሻ 0.3፣ የማኅበረሰቡ 1.2 ሲመለስ 27 ሚሊዮን። ለ5,000 ልጅ ሲካፈል 5,400 ብር። ቁጠባው 12 ሚሊዮን ሲደመር 1.5፣ 13.5 ሚሊዮን። ለ1,000 ሴት ሲካፈል 13,500 ብር።

500 የነበረው 13,500 ሆነ። አሥር እጥፍ ርካሽ የነበረው አሁን ሁለት እጥፍ ተኩል ውድ ነው። ማንም ሌባ የለም፣ አንድም ደረሰኝ አልተነካም።

እዚህ ላይ ቆሞ «እንግዲያው ቁጠባው ይዘጋ» ማለት ግን ያንኑ ስህተት ገልብጦ መድገም ነው። ምክንያቱም አሁንም «አንድ ተጠቃሚ» የሚለው ነገር በሁለቱ ቦታ አንድ አይደለም።

አንዱ ጉዳይ ጊዜ ነው። ከገጠሩ ሴፍቲኔት የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ፕሮግራሙ ከ1997 ጀምሮ ያለ ነው። መሥራት የሚችለው ቤተሰብ በልማት ሥራ ይሳተፋል፣ ለአንድ የቤተሰብ አባል በወር አምስት ቀን ተሰልቶ፣ በዓመት ስድስት ወር ይከፈለዋል። መሥራት የማይችሉት አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች ደግሞ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛሉ፣ በአራተኛው ምዕራፍ ይህ በዓመት አሥራ ሁለት ወር እንዲሆን ተደርጓል። ክፍያውን ብቻ ወስዳችሁ በአንድ ሰው በዓመት ብታሰሉት አረጋዊቷ ከጎረቤቷ በእጥፍ «ውድ» ናቸው። በወር ብታሰሉት ሁለቱም እኩል ናቸው። ስለዚህ የሚሻለው መለኪያ አንድ ሰው ለአንድ ወር የሚለው ነው፣ ለምገባ ደግሞ አንድ ሳህን። የኛ ምገባ 5,000 ልጅ በ180 የትምህርት ቀን 900,000 ሳህን ነው፣ 27 ሚሊዮኑ ሲካፈልለት አንዱ ሳህን 30 ብር። ይህ ቁጥር ከሌላ ወረዳ ምገባ ጋር በደንብ ይወዳደራል። 120 ቀን ብቻ ያበላ ትምህርት ቤት በልጅ ሲሰላ ርካሽ መስሎ በሳህን ሲሰላ ውድ ሆኖ ይወጣል፣ ሁሌም የሚያጋጥም ነገር ነው።

ሌላው ደግሞ አንዷ ሴት ያገኘችው ከሌላዋ የተለየ መሆኑ ነው። 13.5 ሚሊዮኑን በሦስቱ ሥራዎች ብንከፍለው (የገበያው ቅስቀሳ ወጪ ትንሽ ስለሆነ ከቁጠባው ጋር ደምሬዋለሁ) ቁጠባው 5.4 ሚሊዮን፣ ለ900 ሴት፣ በአንዷ 6,000 ብር። ሥልጠናው 3.6 ሚሊዮን፣ ለ400፣ በአንዷ 9,000። መነሻ ካፒታሉ 4.5 ሚሊዮን፣ ለ300፣ በአንዷ 15,000፣ እሱም በቀጥታ እጃቸው የገባ ብር ነው። ሦስቱንም ያገኘች ሴት ላይ 30,000 ወጥቷል። ቁጠባ ብቻ ያላት ላይ 6,000። 13,500 ብር የወጣባት ሴት በወረዳው ውስጥ የለችም።

ስለዚህ አማካዩን ትታችሁ በአገልግሎት ለዩት። ያኔ ቁጥሩ የሚነግረን ነገር ይኖራል። የቁጠባ ማኅበር ማደራጀት በአንዷ 6,000 ብር ለምን ፈጀ? አመቻቿ ለስንት ማኅበር ነው የምትመጣው? በሳምንት ነው በወር? ሥልጠናው 9,000 የሆነው አሠልጣኝ ከአዲስ አበባ እየመጣ በአዳር አበልና በሆቴል ስለሆነ ነው ወይስ ሃያ ቀን ስለፈጀ? እነዚህ የሚመለሱ ጥያቄዎች ናቸው፣ ከሌላ የቁጠባ ፕሮጀክት ጋር ስታስተያዩትም መልሱ ቶሎ ይታያል። የተሰጠውን ብር ደግሞ ለብቻው አውጡት። እሱ ወጪ ቢሆንም ለተጠቃሚዋ የደረሰ ጥቅም ራሱ ነው፣ 20,000 የሰጠ ፕሮጀክት 15,000 ከሰጠው «ውድ» መባል የለበትም። በገንዘብ ድጎማ ላይ መጠየቅ ያለበት አንድ ብር እጇ ላይ ለማድረስ ስንት ብር ፈጀ የሚለው ነው።

ስለ ርቀት ብዙ አልልም፣ ሁሉም ያውቀዋል። አስፋልት ዳር ያለ ቀበሌና ሁለት ቀን በበቅሎ የሚኬድበት ቀበሌ እኩል ወጪ ሊኖራቸው አይችልም። አደጋው ግን መለኪያው ራሱ ሰውን ወደ አስፋልቱ መግፋቱ ነው። በአንድ ሰው ወጪ የሚመዘን አስተባባሪ በሚቀጥለው ዓመት ቀበሌ ሲመርጥ የትኛውን እንደሚመርጥ መገመት አያቅትም። የተመረጡትን ቀበሌዎች ከወረዳው ከተማ ያላቸውን ርቀት ከቁጥሩ ጎን ጻፉት፣ ወጪው የወረደው በቅልጥፍና ይሁን ቅርብ ቅርቡን በመልቀም ያኔ ይለያል።

አሁን ባለንበት ጊዜ ሁሉንም የሚያምታታው ግን የብር ምንዛሬ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲተመን ሲደረግ አንድ ዶላር በ57 ብር አካባቢ ነበር፣ በወራት ውስጥ ከ100 በላይ ሄደ። የምገባችን ሳህን ከዚያ በፊት 24 ብር ነበር፣ ከዚያ በኋላ 30 ብር ሆነ እንበል። በብር 25 በመቶ ጨምሯል። በዶላር ግን ያኔ 24 ሲካፈል ለ57፣ ወደ 42 ሳንቲም ዶላር ነበር፤ ዶላሩ 120 ብር በደረሰበት ጊዜ ደግሞ 30 ሲካፈል ለ120፣ 25 ሳንቲም ሆነ። ለለጋሹ የሚሄደው ሪፖርት ላይ ወጪው በ40 በመቶ ቀንሷል። አስተባባሪው ይሸለማል። ምግብ አብሳይዋ ግን ዘይት በስንት እንደገዛች ታውቃለች። በዚያው ሰንጠረዥ ላይ ከውጭ በዶላር የሚገዛ አልሚ ምግብ የሚጠቀም ፕሮጀክት ካለ ደግሞ የሱ የዶላር ዋጋ ንቅንቅ አይልም፣ በንጽጽር ግን አባካኝ መስሎ ይታያል። ከሐምሌ 2016 በፊትና በኋላ ያሉ ዓመታትን የሚያወዳድር ሰው ሁለቱንም ገንዘብ ጎን ለጎን ካላስቀመጠ፣ የአገር ውስጡንም ወጪ በዋጋ ንረቱ ካላስተካከለ፣ ያወዳደረው ፕሮጀክቶቹን ሳይሆን ብሔራዊ ባንክን ነው።

ወደ ኃላፊው ውሳኔ እንመለስ። እሱ የያዘው ጥያቄ «የቱ ርካሽ ነው» ሳይሆን «የቱን ብዘጋ ስንት ይተርፈኛል» ነው፣ ለዚህ ደግሞ አማካይ ወጪ ጨርሶ አይመልስም። ምገባውን ቢዘጋ 30 ሚሊዮን አያተርፍም። ወጥ ቤቱ ተሠርቷል፣ 3 ሚሊዮኑ አይመለስም። ቢሮው፣ መኪናውና ሒሳብ ሠራተኛዋ ቁጠባው እስካለ ድረስ ይቀጥላሉ፣ ያም 3 ሚሊዮን አይተርፍም። የሚተርፈው 24 ነው። የቢሮው 3 ሚሊዮን ደግሞ አሁን የሚጫነው ቁጠባው ላይ ብቻ ነው፤ 12 ሲደመር 3፣ 15 ሚሊዮን ለ1,000 ሴት፣ በአንዷ 15,000 ብር። ሥራው ላይ አንድ ነገር ሳይቀየር በአንዷ 1,500 ብር ጨመረ። የዚያ ዓመት ሰንጠረዥ ሲሠራ እንግዲህ በውድነት ከላይ የሚቀመጠው ቁጠባው ነው፣ በ24,000 ካላካፈሉት በቀር።